ፍሎው ኮንትሮልና ኮንጀሽን ኮንትሮል፦ ኢንተርቪው ላይ ምን ብዬ ልመልስ?

ጥያቄ፦ "ሰላም፣ ለጁኒየር ኔትወርክ ኢንጂነር ኢንተርቪው ገብቼ ነበር። የፍሎው ኮንትሮልና የኮንጀሽን ኮንትሮል ልዩነት ምንድነው ሲሉኝ ስላይዲንግ ዊንዶው ሁለቱም ላይ አለ አልኩና ከዛ ተምታታብኝ። ቀጥለው ደግሞ ፋይል ትራንስፈር ቀርፋፋ ቢሆን ከሁለቱ የትኛው እንደያዘው በምን ታውቂያለሽ አሉኝ፣ ዝም አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቦታ ተጠርቻለሁ፣ ምን ብዬ ልመልስ?"

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ያልሽው እኮ ስህተት አይደለም። ስላይዲንግ ዊንዶው ሁለቱም ላይ አለ፣ የጎደለሽ ቀጥሎ የሚመጣው አረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ ዊንዶው አንድ ነው፣ ስፋቱን የሚወስኑት ግን ሁለት ናቸው። አንዱ ተቀባዩ ነው፣ እሱ "ይህን ያህል ቦታ አለኝ" ብሎ በቁጥር ይናገራል። ሌላው መሀል ያለው መንገድ ነው፣ መንገዱ ግን ቁጥር ስለማይሰጥ ላኪው ከምልክት ይገምታል። የተቀባዩ ቁጥር ሪሲቭ ዊንዶው ይባላል፣ የላኪው ግምት ደግሞ ኮንጀሽን ዊንዶው። ላኪው ሁሌም ከሁለቱ ያነሰውን ይይዛል። ተቀባዩን ከመጥለቅለቅ የሚያድነው ፍሎው ኮንትሮል ነው፣ መንገዱን የሚያድነው ኮንጀሽን ኮንትሮል ነው። እስከዚህ ካልሽ ለመጀመሪያው ጥያቄ በቂ ነው፣ ግን ጠያቂው ወረቀት ሰጥቶ "አሳዪኝ" ሊልሽ ስለሚችል አንዴ በቁጥር እንስራው።

ተቀባዩ 4000 ባይት የሚይዝ በፈር አለው እንበል። ደርሶኛል ብሎ ለላኪው በሚመልሰው አክ ላይ "ከ1000 ጀምሮ ያለውን እጠብቃለሁ፣ ዊንዶው 4000" ይላል። ስለዚህ ላኪው ሌላ አክ ሳይጠብቅ ከ1000 እስከ 4999 መላክ ይችላል። 2000 ባይት ላከ፣ ደረሰ፣ ግን ተቀባዩ ማሽን ላይ ያለው ፕሮግራም ገና አላነበበውም፣ በፈሩ ውስጥ ተቀምጧል። የሚቀጥለው አክ "ከ3000 እጠብቃለሁ፣ ዊንዶው 2000" ይላል። እዚህ ጋ ቆም ብለሽ እይው፦ የዊንዶው ግራ ጫፍ ከ1000 ወደ 3000 ሄደ፣ ቀኝ ጫፉ ግን 5000 ላይ እንደቆመ ነው። ዊንዶው ጠበበ እንጂ ወደፊት አልተንሸራተተም። ፕሮግራሙ ሁለቱን ሺህ ባይት ሲያነብ ነው "ዊንዶው 4000" የሚል አዲስ አክ የሚመጣውና ቀኝ ጫፉ ወደ 7000 የሚሄደው። ብዙ ሰው ዊንዶው የሚንሸራተተው አክ ስለመጣ ይመስለዋል፣ አክ የሚገፋው ግራውን ጫፍ ነው፣ ቀኙን የሚገፋው ተቀባዩ ፕሮግራም ማንበቡ ነው። ይህን አንድ ነገር በደንብ ካስረዳሽ ነገሩን ሸምድደሽ ሳይሆን ገብቶሽ እንደምታወሪ ወዲያው ይታወቃል።

ፕሮግራሙ ጭራሽ ባያነብስ? ላኪው እስከ 4999 ይሞላና "ከ5000 እጠብቃለሁ፣ ዊንዶው 0" ይመጣለታል፣ ያቆማል። ቆይቶ ቦታ ሲገኝ ተቀባዩ "ተከፍቷል" የሚል አክ ይልካል፣ ግን ዳታ ያልያዘ አክ መንገድ ላይ ቢጠፋ ማንም ደግሞ አይልከውም፣ ስለዚህ ላኪው "ክፈትልኝ" እያለ ተቀባዩ ደግሞ "ላክልኝ" እያለ ሁለቱም ሲጠባበቁ ሊቀሩ ይችላሉ። ለዚህ ነው ላኪው ፐርሲስት ታይመር ይዞ በየጊዜው ትንሽ መጠየቂያ ፓኬት እየላከ "አሁንስ?" የሚለው።

ኮንጀሽን ኮንትሮል ለምን እንዳስፈለገ ደግሞ ታሪኩን ብታውቂው ልዩነቱ አይጠፋሽም። አሁን ያየነው የተቀባዩ ዊንዶው ከ1981 ጀምሮ በቲሲፒ ስታንዳርድ ውስጥ ተጽፎ ነበር። ሆኖም በ1986 ጥቅምት ላይ በሎውረንስ በርክሌይ ላብራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል፣ በሁለት ጎረቤት ግቢዎች ማለት ነው፣ ፍጥነቱ ከ32 ኪሎቢት በሰከንድ ወደ 40 ቢት በሰከንድ ወረደ። ተቀባዮቹ በፈር ነበራቸው፣ ዊንዶዋቸው ክፍት ነበር፣ ላኪዎችም የተፈቀደላቸውን ነው የላኩት። የሞላው መሀል ያለው መንገድ ነው፣ እዛ ፓኬት ይወድቃል፣ ላኪው የወደቀውን ደግሞ ይልካል፣ መንገዱ ይብስበታል። ቫን ጃኮብሰን ይህን ተከታትሎ በ1988 ባሳተመው ወረቀት ላኪው በትንሽ ጀምሮ አክ በመጣ ቁጥር እንዲጨምር፣ ፓኬት ሲጠፋ ደግሞ እንዲቀንስ አደረገ። ኮንጀሽን ዊንዶው የመጣው ከዛ ነው። ፓኬት ስትከፍቺ ሄደሩ ላይ የሪሲቭ ዊንዶው ቦታ ታገኛለሽ፣ የኮንጀሽን ዊንዶው ቦታ ግን የትም የለም፣ ምክንያቱም ላኪው ማሽን ውስጥ ብቻ ያለ ቁጥር ነው። (ጠያቂው ኢሲኤን ካነሳብሽ አትደንግጪ፣ ራውተሩ ፓኬት ከመጣል ይልቅ "እየሞላሁ ነው" የሚል ምልክት ያደርግበታል፣ እሱም ቢሆን ግን ይህን ያህል ላክ የሚል ቁጥር አይሰጥም፣ ግምቱ አሁንም የላኪው ነው።)

አሁን ዝም ወዳልሽበት ጥያቄ እንምጣ፣ ለስራው የሚፈልጉሽም በሱ ነው። ሊኑክስ ላይ ላኪው ማሽን ላይ ሆነሽ ይህን ትያለሽ፣ አይፒው የተቀባዩ ነው፦

```
ss -ti dst 192.0.2.10
```

ከሚመጣው ብዙ ቁጥር ውስጥ `cwnd`፣ `rtt`፣ `retrans` እና `rwnd_limited` ይበቁሻል። `cwnd` ኮንጀሽን ዊንዶው ነው፣ በባይት ሳይሆን በፓኬት ነው የሚቆጠረው፣ አንድ ፓኬት በሚይዘው ዳታ መጠን፣ በ`mss` አባዢው። ለምሳሌ `cwnd:10`፣ `mss:1448` እና 200 ሚሊሰከንድ `rtt` ካየሽ በአንድ ምልልስ 14,480 ባይት ነው የሚሄደው፣ በሰከንድ አምስት ምልልስ ስላለ 72,400 ባይት፣ 0.58 ሜጋቢት ገደማ። `retrans` እየጨመረ `cwnd` ትንሽ ሆኖ ከቀረ ላኪውን የያዘው ኮንጀሽን ኮንትሮል ነው፣ መንገዱ ላይ ፓኬት እየጠፋ ነው ማለት ነው። `cwnd` ትልቅ ሆኖ፣ `retrans` ሳይኖር፣ `rwnd_limited` ከትራንስፈሩ ጊዜ አብዛኛውን መቶኛ ከያዘ ደግሞ የያዘው የተቀባዩ ዊንዶው ነው። ሁለቱም ሳይሆኑ `app_limited` የሚል ካየሽ ላኪው ፕሮግራም ራሱ የሚላክ ዳታ አላቀረበም፣ ኔትወርኩን ተዪው።

ግን `rwnd_limited` አየሁ ብለሽ እዛ እንዳታቆሚ፣ ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ ሳፖርት ላይ እያለሁ አንድ መስሪያ ቤት ባካፕ ቀርፋፋ ነው፣ ሊንኩ ይጨመርልን ብሎ ለቀናት ሲሟገተን ነበር፣ እኛም ራውተሩን ስንፈትሽ ከረምን። በኋላ ዋየርሻርክ ስንከፍት ከተቀባዩ ሰርቨር የሚመጣው ሁሉ `TCP ZeroWindow` ነው። ዲስኩ መጻፍ አልቻለም፣ ፕሮግራሙ ዲስኩን ሲጠብቅ ከሶኬቱ አያነብም፣ በፈሩ ይሞላል። ሊንኩ እጥፍ ቢሆን አንድ ባይት አይጨምርም ነበር። እንዲህ ሲሆን ተቀባዩ ማሽን ላይ `ss -tn` ብትዪ `Recv-Q` የሚለው ቁጥር ተከምሮ ታገኚዋለሽ።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይለያል፦ `Recv-Q` ባዶ ነው፣ ፕሮግራሙ እየመጣ ያለውን ወዲያው ያነባል፣ ዊንዶው ዜሮ አይሆንም፣ ግን ከ65,535 ንቅንቅ አይልም። ሄደሩ ላይ ለዊንዶው የተሰጠው ቦታ 16 ቢት ስለሆነ ቁጥሩን የሚያባዛው ዊንዶው ስኬሊንግ ከሌለ ከዛ በላይ መጻፍ አይቻልም። መንገዱ 100 ሜጋቢት፣ ምልልሱ 200 ሚሊሰከንድ ቢሆን መንገዱን ለመሙላት 2.5 ሚሊዮን ባይት ተልኮ አክ ሳይመጣለት መንገድ ላይ መሆን አለበት፣ አንቺ የተፈቀደልሽ ግን 65 ሺህ ነው፣ ስለዚህ በሰከንድ 2.6 ሜጋቢት ላይ ትቆሚያለሽ፣ ማንም ፓኬት ሳይጥል፣ ማንም ሳይጨናነቅ። ስኬሊንግ የሚስማሙበት ኮኔክሽኑ ሲከፈት በሚላኩት በሁለቱ ሲን ፓኬቶች ላይ ብቻ ነው፣ ከሁለቱ አንዱ ላይ ከጎደለ ወይም መሀል ያለ ፋየርዎል ካወጣው በዛ ኮኔክሽን ላይ አይሰራም። ዋየርሻርክ ላይ ሲን ፓኬቱን ሳትይዢ መሀል ላይ ከጀመርሽ ደግሞ ትክክለኛውን የዊንዶው መጠን ሊያሳይሽ አይችልም፣ የሚታይሽ ቁጥር ገና ያልተባዛ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል፣ በዛ ተታለሽ "ስኬሊንግ የለም" እንዳትዪ።

እስከ ሳምንት ድረስ በቃል ከመያዝ ይልቅ ይህን በራስሽ ሊኑክስ ላይ ስሪው፣ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ኮኔክሽን ተቀብሎ ለአንድ ደቂቃ ምንም የማያነብ ፕሮግራም ነው፦

```
import socket, time
s = socket.socket()
s.bind(("127.0.0.1", 5050))
s.listen()
c, _ = s.accept()
time.sleep(60)
while c.recv(65536): pass
```

እሱን አስነሺና በሌላ ተርሚናል ላኪ፦

```
head -c 50000000 /dev/zero | nc 127.0.0.1 5050
```

ሶስተኛ ተርሚናል ላይ `ss -tino` እያልሽ ደጋግመሽ እይ። በተቀባዩ በኩል `Recv-Q` ይሞላል፣ በላኪው በኩል `rwnd_limited` እየቆጠረ ይሄዳል፣ `timer:(persist` የሚል ይመጣል፣ ያ ቅድም ያልኩሽ "አሁንስ?" የሚለው ታይመር ነው። ዋየርሻርክንም `lo` ላይ ከፍተሽ `tcp.analysis.zero_window` ብለሽ ፊልተር አድርጊ። ደቂቃው ሲያልቅ ፕሮግራሙ ማንበብ ይጀምራል፣ ዊንዶውም ይከፈታል፣ ያኔ ፊልተሩን አንሺና ቀኝ ጫፉ ሲሄድ በአይንሽ እይው። ጠያቂው "በምን ታውቂያለሽ" ሲልሽ ያየሽውን በቅደም ተከተል ንገሪው፦ መጀመሪያ ላኪው ጋ `retrans` እና `rwnd_limited`፣ ቀጥሎ ተቀባዩ ጋ `Recv-Q`፣ መጨረሻ ላይ ሲን ፓኬቱ ላይ ስኬሊንግ መኖሩን።