የከንፈር ምች ያለባት እናትና የ12 ቀን ጨቅላ

ጥያቄ፦ «ከወለድኩ 12 ቀኔ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ከንፈሬ ላይ ምች ይወጣብኛል። ዛሬ ጠዋት ያው የተለመደው ቦታ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ማቃጠል ጀምሮኛል። ልጄን ማጥባት ልተው? ለእኔስ ቶሎ የሚያስቆመው ነገር አለ?»

መልስ፦ ጡት ማጥባትዎን አያቁሙ። ቫይረሱ በጡት ወተት አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው ቁስሉ፣ ምራቅዎ ወይም ቁስሉን የነካ እጅዎ የሕፃኑን ቆዳ፣ ዓይን ወይም አፍ ሲነካ ነው። መድኃኒቱን ግን ዛሬውኑ፣ ገና ምንም ሳይወጣ መጀመር አለብዎት።

የምቹ መንስኤ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ ነው፤ በከንፈር ላይ በአብዛኛው ዓይነት 1 የሚባለው። አንድ ጊዜ ከያዘ ከሰውነት አይወጣም፤ የፊትን ስሜት በሚያስተላልፈው ነርቭ ሥር ተደብቆ ይኖራል፤ ሲቀሰቀስም በዚያው ነርቭ ወርዶ በተለመደው ቦታ ይወጣል። ትኩሳት፣ ኃይለኛ ፀሐይ፣ የወር አበባ፣ ጭንቀትና የከንፈር መቁሰል ይቀሰቅሱታል። እንቅልፍ ያጡበትና ሰውነትዎ የደከመበት ይህ የአራስነት ወቅትም አንዱ ቀስቃሽ ሊሆን ይችላል።

አሁን የሚሰማዎት ማቃጠል ቫይረሱ መባዛት መጀመሩን ይነግረናል። ውኃ የቋጠሩት ፍንጣቂዎች የሚወጡት ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ ለመድኃኒት የሚመቸው ጊዜ እነዚህ ጥቂት ሰዓታት ናቸው። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ ቫላሲክሎቪር 2 ግራም አሁን፣ ሌላ 2 ግራም ደግሞ ከ12 ሰዓት በኋላ ይታዘዛል፤ ሕክምናው በዚሁ ያበቃል። እሱ ካልተገኘ አሲክሎቪር 400 ሚሊ ግራም በቀን 5 ጊዜ ለ5 ቀናት ይወሰዳል። ወደ ወተት የሚያልፈው መጠን በጣም አነስተኛ በመሆኑ ሁለቱንም እያጠቡ መውሰድ ይችላሉ። የሚቀባው አሲክሎቪር በቀን 5 ጊዜ ቢቀባም ጥቅሙ ከሚዋጠው ያነሰ ነው። ከመድኃኒቱ ብዙ እንዳይጠብቁ ግን እውነቱን ልንገርዎ፤ ከ7 እስከ 10 ቀን የሚቆየውን ቁስል በአንድ ቀን ገደማ ያሳጥረዋል እንጂ ሁልጊዜ አያስቀረውም። ቁስሉ ከወጣ ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ከተጀመረ ደግሞ የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም ነው።

ወደ ልጅዎ ስንመጣ፣ የከንፈርዎ ምች የቆየ መሆኑ በአንድ በኩል ይጠቅመዋል፤ በደምዎ ውስጥ ያለው የመከላከያ ንጥረ ነገር በእርግዝና ወቅት በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ እርሱ አልፏል። ይህ ጥበቃ ግን ሙሉ አይደለም፤ የጨቅላ ሰውነት ቫይረሱን ከቆዳ ላይ መግታት ሲያቅተው ወደ አንጎል፣ ወደ ጉበትና ወደ ሳንባ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ፣ ማቃጠሉ ብቻ ባለበት ጊዜም ጭምር፣ ቅርፊቱ ረግፎ ቆዳው እስኪድን ድረስ ልጅዎን አይሳሙት። ሲያጠቡትና ሲያቅፉት አፍዎን በማስክ ይሸፍኑ፤ ከመንካትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ቅባት የተቀቡበትንም ጣት እንዲሁ። በተግባር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ እያጠቡ ሳለ ሳያስቡት ከንፈርን ዳስሶ በዚያው እጅ ጡትን መያዝ ነው። ጡትዎ ላይ ፍንጣቂ ከወጣ በዚያኛው ጡት አያጥቡ፤ በሌላው መቀጠል ይችላሉ፤ ሐኪምም ይየው። ሊጠይቁ የሚመጡትም ሰዎች ቁስል ባይታይባቸው እንኳ ቫይረሱ በምራቃቸው ሊኖር ስለሚችል፣ ሕፃኑን ከንፈራቸውን አስነክተው እንዳይስሙት ያለ ይሉኝታ ይንገሯቸው።

ልጅዎ 6 ሳምንት እስኪሞላው በንቃት ይከታተሉት። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከንክኪው በኋላ ከ2 እስከ 12 ባሉት ቀናት ይጀምራል፤ መነሻውም በቀላሉ የሚታለፍ ነው፦ ጡት ለመያዝ መስነፍ፣ ለመጥባት እንኳ ለመንቃት መቸገር፣ ያለ ወትሮው መነጫነጭ። ሙቀቱ 38 ዲግሪ መድረሱ ብቻ ሳይሆን ከ36 በታች መውረዱም የአደጋ ምልክት ነው። መንቀጥቀጥ፣ የአተነፋፈስ ለውጥ፣ የዓይን መቅላት ወይም በቆዳ ላይ አንዲት ውኃ የቋጠረች ፍንጣቂ ካዩ እስኪነጋ አይጠብቁ። ፍንጣቂ የማይታይባቸው ሕፃናትም ስላሉ ቆዳው ንጹሕ መሆኑ አያዘናጋዎት።

ሆስፒታል ሲደርሱ በቅድሚያ «ከንፈሬ ላይ ምች ነበረብኝ» ይበሉ፤ ምልክቶቹ ከሌሎች የጨቅላ ኢንፌክሽኖች ጋር ስለሚመሳሰሉ ሐኪሙ ሄርፒስን እንዲያስብ የሚያደርገው ይህ ቃልዎ ሊሆን ይችላል። ከደምና ከአከርካሪ ፈሳሽ ናሙና ተወስዶ፣ ውጤቱ ሳይጠበቅ አሲክሎቪር በደም ሥር በየ8 ሰዓቱ ይጀመርለታል፤ በሽታው መኖሩ ከተረጋገጠ ሕክምናው በቆዳ፣ በዓይንና በአፍ ለተወሰነው 14 ቀን፣ አንጎልን ወይም ሌላ የውስጥ አካልን ለነካው ቢያንስ 21 ቀን ይቀጥላል።