ኦዞን ሲሳሳ ምድር ትሞቃለች? የተምታቱ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ሞዴል ፈተና ላይ «ለምድር ሙቀት መጨመር ዋናው ምክንያት የቱ ነው?» ይላል። «የኦዞን መሳሳት» ብዬ ኤክስ ተደረገብኝ። ጣራ ሲቀደድ ፀሐይ ይገባል፣ ቤቱም ይሞቃል አይደል እንዴ?

መልስ፦ ያሳሳተህ ጣራው ነው። ጣራ ብርሃኑን በሙሉ ይከለክላል፤ ኦዞን ግን በዋናነት የሚያስቀረው አልትራቫዮሌትን ነው፣ በተለይ ቆዳ የሚያቃጥለውን ክፍል። ያ ክፍል ከፀሐይ ኃይል ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ እንኳን አይሞላም። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ኦዞን ኖረም ሳሳም ያልፋል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኦዞን ሲሳሳ የሚጎዳው ቆዳ፣ ዓይንና ሰብል ነው እንጂ ቴርሞሜትሩ ብዙም አይነቃነቅም።

የምድርን ሙቀት የሚጨምረው መግቢያው ላይ ያለ ነገር ሳይሆን መውጫው ላይ ያለው ነው። ብርሃኑ መሬት ላይ ያርፋል፣ መሬቱ ይሞቃል። የሞቀ መሬት ደግሞ በተራው ኢንፍራሬድ የሚባል የማይታይ ጨረር ይለቃል። ናይትሮጅንና ኦክስጅን ይህን ጨረር ዝም ብለው ያሳልፉታል። የውሃ ትነትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ይውጡትና መልሰው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይለቁታል። ከፊሉ ወደ እኛ ይመለሳል። ይህ ባይኖር የምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ በሆነ ነበር፤ አሁን ወደ 15 ነው። ችግር የሆነው ጭማሪው ነው። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 280ው ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ ዛሬ ከ420 በላይ ናቸው።

ሌላ አባል፦ ልጁ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ድሮ ፍሪጅ ውስጥ ይሞላ የነበረው ሲ.ኤፍ.ሲ የሚባል ጋዝ ኦዞንን ይበላል፣ ሲ.ኤፍ.ሲ ምድርን ያሞቃል። ታዲያ ሁለቱ አንድ አይደሉም?

መልስ፦ ግማሹን ይዘሃል። ሲ.ኤፍ.ሲ ሁለቱንም ይሠራል፣ ግን በሁለት የተለያዩ መንገዶች። ሞለኪውሉ ሳይሰበር ኢንፍራሬድ ይውጣል፤ ያ ሙቀት አማቂነቱ ነው። ላይ ወጥቶ ሲሰበር ደግሞ ክሎሪን ይለቃል፤ ኦዞንን የሚበላው ያ ነው። አንድ ሌባ ሁለት ቤት ገባ ማለት ሁለቱ ቤቶች አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ተመልከት፦ ክሎሪን የለውም፣ ግን ዋናው አሞቂ እሱ ነው።

የኦዞን መሳሳት ብቻውን ሙቀቱን ምን ያህል ይለውጠዋል ካልከኝ፣ ወደ ዜሮ ይጠጋል። በአንድ በኩል ትንሽ ተጨማሪ ጨረር ይገባል። በሌላ በኩል ኦዞን ራሱ ሙቀት አማቂ ጋዝ ስለሆነ ሲቀንስ ኢንፍራሬድ በቀላሉ ያመልጣል። ሚዛኑ ወደ ማሞቅ ያደላል ወይስ ወደ ማቀዝቀዝ የሚለው ላይ ተመራማሪዎቹ ገና አልተስማሙም።

ፍሪጅ ጠጋኝ፦ እኔ የምሠራው ፍሪጅ ላይ ነው። አር-134ኤ የሚባለው የፍሪጅ ጋዝ ኦዞንን አይጎዳም ይባላል። እንግዲያው አሮጌውን ጋዝ አየር ላይ ብለቀው ችግር የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ ጥያቄ ለፈተናም ይሆናል። አር-134ኤ ውስጥ ክሎሪን የለም፣ ስለዚህ ኦዞኑን አይነካም። ግን በ100 ዓመት ስሌት አንድ ኪሎው ከ1,400 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚቀራረብ ሙቀት ያምቃል። የቤት ፍሪጅ 150 ግራም ይይዛል እንበል። ያን መልቀቅ ከ200 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ መልቀቅ ነው፤ 90 ሊትር ገደማ ቤንዚን ሲቃጠል የሚወጣው ማለት ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ሲ.ኤፍ.ሲን ሲያስወጣ የገባው ምትክ ለኦዞን ደህና፣ ለሙቀት ግን መጥፎ ሆኖ ተገኘ። በ2016 እ.ኤ.አ. ኪጋሊ ላይ ስምምነቱ የተሻሻለው ለዚህ ነው። ስለዚህ በማሽን ሰብስበው እንጂ አትልቀው። አር-600ኤ የሚባለው ጋዝ በሁለቱም በኩል ይሻላል፣ ግን ተቀጣጣይ ነው፤ ለሱ ያልተሠራ ፍሪጅ ውስጥ አትሙላው።

ተማሪ፣ ከባሕር ዳር፦ የሲ.ኤፍ.ሲ ፋብሪካዎቹ የነበሩት አውሮፓና አሜሪካ፣ የኦዞን ቀዳዳው አንታርክቲካ። እንዴት?

መልስ፦ ሲ.ኤፍ.ሲ አይበሰብስም፣ ዝናብም አያጥበውም። ለዓመታት በነፋስ እየዞረ በመላው ዓለም እኩል ይደባለቃል፣ ቀስ ብሎም ኦዞኑ ወዳለበት ከፍተኛ የአየር ንብርብር፣ ወደ ስትራቶስፌር ይወጣል። እዚያ አልትራቫዮሌት ይሰብረዋል፣ ክሎሪኑ ይፈታል። አብዛኛው ክሎሪን ግን ወዲያው ከሌሎች ጋዞች ጋር ተጣብቆ ሥራ ይፈታል።

አንታርክቲካን ልዩ የሚያደርጋት ክረምቷ ነው። ፀሐይ ለወራት ትጠፋለች፣ ነፋሱ አህጉሩን ከቦ ይሽከረከራል፣ ውስጡ የታሰረው አየር ከዜሮ በታች 78 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። ያኔ እዚያ ከፍታ ላይ ደመና ይሠራል። ከሌሎች ጋዞች ጋር ተጣብቆ የነበረው ክሎሪን በደመናው ቅንጣቶች ላይ ይላቀቅና ፀሐይን ይጠብቃል። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ብርሃኑ ሲመለስ እንዲህ ይሆናል፦

```
Cl + O3 → ClO + O2
ClO + ClO → Cl2O2
Cl2O2 + ብርሃን → 2Cl + O2
```

መጨረሻ ላይ ክሎሪኑ እንደ ነበረ ተመልሶ ወጣ፣ አየህ? ስለዚህ ይደግማል። ትንሽ ክሎሪን ብዙ ኦዞን የሚጨርሰው ለዚህ ነው። መጽሐፋችሁ ላይ ClO ከነጠላ ኦክስጅን ጋር ሲጋጭ ታያላችሁ፤ እሱም ልክ ነው፣ ግን በዋናነት ከዚያ ከፍ ብሎ ነው የሚሠራው።

«ቀዳዳ» ሲባልም ባዶ ቦታ አይደለም። ከራስህ በላይ ያለውን ኦዞን ሁሉ ወደ መሬት አውርደህ ብታነጥፈው 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቀዳዳው ሲበረታ ወደ 1 ሚሊሜትር ይወርዳል። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይህን መመናመን በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት ሃሊ ከተባለው ጣቢያቸው ከመሬት ለክተው ነው።

አንዲት አባል፦ የአዲስ አበባ ፀሐይ ፊቴን ጨረሰው! ኦዞኑ እኛ ጋ ስለተቀደደ ነው አይደል? የትኛውን ክሬም ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ክሬሙን ፋርማሲ ጠይቂ፤ ባርኔጣ ግን አይቅርብሽ። ቀዳዳው እኛ ጋ የለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይም አናት ላይ ትወጣለች፣ በምድር ወገብ አካባቢ ደግሞ ኦዞን በተፈጥሮው ሳሳ ይላል። ልብ በይ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ፊትሽ ይቃጠላል። ማቃጠልና ማሞቅ ሁለት ነገር መሆናቸውን ራስሽ አሳየሽን።

መምህር፦ አንዳንድ የመልስ ወረቀት ላይ «የኦዞን መሳሳት» ትክክል ተብሎ አያለሁ። ለተማሪዎቼ ምን ልበል? ሳይንሱን ልንገራቸው ወይስ ነጥቡን ያግኙ?

መልስ፦ ጋሼ፣ በሳይንሱ በኩል ጠንካራ ማስረጃ አለዎት። ምድር የምትሞቀው ተጨማሪ ፀሐይ ስለገባ ቢሆን ኖሮ ላይኛው አየርም አብሮ በሞቀ ነበር። የተለካው ግን ታችኛው አየር ሲሞቅ ስትራቶስፌር መቀዝቀዙን ነው። ከፍ ባለው ክፍሉ ለዚህ ትልቁን ድርሻ የያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ዝቅ ባለው ደግሞ የኦዞኑ መቀነስ ራሱ ነው።

ምርጫዎቹ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም የነዳጅ ቃጠሎ ካለ እሱን ይምረጡ በሏቸው።

ሌላ አባል፦ ለእርስዎ ቀላል ነው። አራሚው ማሽን ነው፣ ማሽን ደግሞ ማስረጃ አይሰማም። የእኔ ልጅ ነጥቧን ትፈልጋለች።

መልስ፦ እውነት ነው። የተሳሳተውን ጥያቄ ፎቶ አንስታችሁ ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ አቅርቡ። ፈተና ላይ ከተገኘ ግን እኔም ለልጄ የምለው ትክክለኛውን ምረጪ ነው። መምህሩ ሌላ ሐሳብ ካላቸው እሰማለሁ።