ሚዛኑ አልወረደም፣ ቀሚሱ ግን ሰፋኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 36 ዓመቴ ነው፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62። ጂም ገብቼ ክብደት ማንሳት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሊሆነኝ ነው። ሚዛን ላይ ከ74 ኪሎ የወረድኩት ወደ 73 ብቻ ነው። ወገቤ ግን ከ94 ሳንቲ ሜትር 89 ገብቷል። የቱን ልመን?

መልስ፦ ወገብዎን ይመኑ፤ ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ለክተው ከሆነ። አንዴ እምብርት ላይ፣ አንዴ ቀጭኑ ቦታ ላይ ከለኩ ግን ምንም ሳይለወጥ 5 ሳንቲ ሜትር ሊለያይ ይችላል።

ጎንዎን በጣት ዳስሰው የመጨረሻውን የጎድን አጥንት የታች ጫፍ ያግኙ። ቀጥሎ የዳሌ አጥንትዎን የላይኛውን ጫፍ። የሁለቱ መሀል ነው የሚለካው። ሜትሩ ዙሪያውን ሳያጋድል ቆዳዎን ይንካ፣ ግን አይጭመቅ። ሆድዎን ሳይስቡ፣ አየር አስወጥተው ያንብቡት። ሁለት ጊዜ ለክተው ልዩነቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ይድገሙት። በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል።

ሚዛን ስብን ከሌላው ለይቶ አያውቅም። ውሃውንም፣ አንጀት ውስጥ ያለውን ምግብም አብሮ ይመዝናል። ሁዳዴን ጾመው በፋሲካ ማግስት 2 ኪሎ ጨምረው ቢያገኙት አብዛኛው ስብ አይደለም። ጨው ውሃ ይይዛል፤ ጡንቻ ውስጥ የሚከማቸው ስኳርም እንደዚያው። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ብዙ ሴቶች ይህን ያውቁታል። ስለዚህ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሰው፣ ምንም ሳይቀምሱ ይመዘኑ። የአንድን ቀን ቁጥር ትተው የሳምንቱን አማካይ ካለፈው ሳምንት ጋር ያወዳድሩ። ሚዛንዎ የስብ መቶኛ የሚያሳይ ከሆነም ብዙ አይመኑት፤ ደካማ ኤሌክትሪክ በእግር በኩል ልኮ የሚገምተው ነውና ውሃ ሲጠጡ እንኳን ይለዋወጣል።

ፎቶ በወር አንዴ፣ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ይነሱ። ያው መስኮት፣ ያው ሰዓት፣ ያው ልብስ ይሁን፤ ስልኩም በእምብርትዎ ከፍታ ይቀመጥ። መብራት ከላይ ሲወርድብዎ ጡንቻዎ ይጎላል፣ ከፊት ሲሆን ይጠፋል። ፎቶ የሚጠቅመው ሜትር የማይደርስበትን ጀርባና ትከሻ ለማየት ነው።

የእርስዎ ነገር እንግዲህ እንዲህ ይነበባል፦ ኪሎ ባለበት፣ ወገብ ወርዷል፣ ፎቶው ላይ ትከሻዎ ከሞላ ስብ ወጥቶ ጡንቻ ገብቷል። በተቃራኒው ኪሎ በፍጥነት ወርዶ ወገብ ካልተነቃነቀና ክንድ ከቀጠነ፣ የሄደው ውሃና ጡንቻ ሊሆን ይችላል። ያኔ የፕሮቲን ምግብዎን፣ ምስርና ሽሮውን፣ እንቁላሉን ጨመር ያድርጉ። ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች ቢሆን ለልብም ለስኳርም ይመረጣል፤ ለእርስዎ ከ81 በታች ማለት ነው። ስለዚህ አሁን የያዙትን አያቁሙ።

እጅና እግር እየቀጠነ ሆድ ብቻ እየተነፋ ከመጣ፣ ወይም ሳያስቡት ኪሎ ከቀነሱ፣ ሜትሩን ያስቀምጡና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሆድ ውስጥ ውሃ ሊጠራቀም ይችላል፤ ያ ደግሞ ምርመራ ይፈልጋል።