የጉባኤውን ቀን ይዞ ወደ ኋላ መቁጠር

«የአንድ ቀን ጉባኤ እንዳዘጋጅ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። 200 ተጋባዥ አለ፤ 12 ሳምንት ይቀረኛል። የሚሠራውን ሁሉ ዘርዝሬ ጽፌያለሁ፤ ግን የቱ እንደሚቀድም ግራ ገብቶኛል። ደግሞስ ፕላን ቢ የሚባለው እንዴት ነው የሚዘጋጀው?»

እህቴ፣ ዝርዝርሽን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊውና ከመጨረሻው ተነሺ። እኔ የምጀምረው ከአንድ ተራ ዕቃ ነው፤ አንገት ላይ ከሚንጠለጠለው ባጅ። ባጁ ጉባኤው 3 ቀን ሲቀረው እጅሽ መግባት አለበት። ማተሚያ ቤቱ አንድ ሳምንት ይፈልጋል እንበል። ስለዚህ የስም ዝርዝሩን 10 ቀን ሲቀር ታስረክቢያለሽ። ስምና ማዕረግ ለማረም 3 ወይም 4 ቀን ያስፈልጋል። (የማዕረግ ስህተት ከምግብ እጥረት በላይ ያስቀይማል።) እንግዲህ ምዝገባው 14 ቀን ሲቀር ይዘጋል ማለት ነው። ሰው መልስ እንዲሰጥ 4 ሳምንት ከተውሽለት ደግሞ መጥሪያው 42 ቀን ሲቀር መውጣት አለበት። መጥሪያው ላይ አዳራሹ፣ ሰዓቱና የዋናው ተናጋሪ ስም ይጻፋል። እነሱ ቢያንስ ከመጥሪያው አንድ ሳምንት ቀድመው መቆረጥ አለባቸው፤ 49 ቀን ሲቀር።

አሁን ቀንሺው። 12 ሳምንት 84 ቀን ነው። ከዚያ ላይ 49 ሲነሳ 35 ቀን ይቀራል። አዳራሽ ለመከራየትና ተናጋሪ ለማግኘት ያለሽ ጊዜ 5 ሳምንት ብቻ ነው። የቱ ይቅደም ላልሽው መልሱ ይኸው ነው፤ እነዚህ ሁለቱ። ጌጡ፣ ፎቶው፣ ስጦታው አንድ ሳምንት ቢዘገይ ማንም አያውቅም። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያለ ነገር አንድ ቀን ከዘገየ ግን ከኋላው ያለው ሁሉ አብሮ ይገፋል።

ወደ ፕላን ቢ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው «እሱ ከቀረ እገሌን እንጠራለን» ብሎ ያልፋል። መቼ ነው የሚጠራው? ማን ነው የሚወስነው? ምን ሲታይ? እነዚህ ሦስቱ መጻፍ አለባቸው። ተናጋሪሽ ከሌላ አገር የሚመጣ ነው እንበል። የመጀመሪያው የቁርጥ ቀን 49 ቀን ሲቀር ነው። በጽሑፍ እሺ ካላለ መጥሪያው ላይ ርዕሱ ይወጣል እንጂ ስሙ አይወጣም። ሁለተኛው 21 ቀን ሲቀር ነው። ያን ቀን የምትጠይቂው የቲኬቱን ኮፒ ነው። «እመጣለሁ፣ አታስቢ» የሚል ቃል አይቆጠርም። ቲኬት ከሌለ የከሰዓቱ የፓናል ውይይት ወደ ጠዋት መክፈቻ ይዞራል። ይህ ሊሆን እንደሚችል ለውይይቱ መሪ ቀድመሽ ነግረሽዋል፤ ስለዚህ አይደናገጥም። ሦስተኛው በዋዜማው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ሰውየው ከአውሮፕላን ካልወረደ፣ ቀድሞ የተዘጋጀው ሁለተኛው መርሐ ግብር ለመድረክ መሪው ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ አለቆች ያስቸግራሉ። ትልቅ ስም መሰረዝ ይከብዳቸዋልና «እስከ ነገ እንይ» ይላሉ። ስለዚህ ቀኖቹን ገና ማንም ሳይጨነቅ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አስጸድቂያቸው።

መብራትን በተመለከተ «ጄኔሬተር አለን» የሚል መልስ አይብቃሽ። አዳራሹን ስትጎበኚ ፕሮጀክተሩ፣ ድምፁና ማቀዝቀዣው ሁሉ እየሠራ መስመሩን እንዲያጠፉልሽ ጠይቂ። ጄኔሬተሩ ያን ሁሉ መሸከሙን ያኔ ታያለሽ። ሌላም ነገር ታያለሽ፤ እስኪነሳ ድረስ ባሉት ሰከንዶች ላፕቶፑ በባትሪው ሲቆይ ፕሮጀክተሩና የድምፅ ሚክሰሩ ይጠፋሉ። ፕሮጀክተሩ እንደገና በርቶ ምስል እስኪያወጣ ተናጋሪው ባዶ ግድግዳ ፊት ይቆማል። ለሁለቱ አንድ አንድ ዩፒኤስ ብታደርጊ ክፍተቱ ይሸፈናል።

የምግብ ቁጥር ላይ ውሉን አንብቢ። ብዙውን ጊዜ የመጨረሻ ቁጥር የሚሰጥበት ቀን አለ፤ ከዚያ በኋላ መጨመር ይቻል ይሆናል፣ መቀነስ ግን አይቻልም። ስለዚህ ከተመዘገበው ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ስጪ፤ ምን ያህል ሰው እስከ መቼ መጨመር እንደምትችዪም ውሉ ውስጥ አስገቢ።

አንድ የተረሳ ስሌት ልጨምርልሽ፤ በሩ። ባጁ ተዘጋጅቶም እንኳ አንድን ሰው ስሙን ጠይቆ፣ ፈልጎ መስጠት 30 ሰከንድ ይወስዳል ብትዪ፣ 200 ሰው በአንድ ጠረጴዛ 100 ደቂቃ ነው። በ4 ጠረጴዛ 25 ደቂቃ ይሆናል። ብዙው ሰው ደግሞ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው ግር ብሎ የሚመጣው። 4 ጠረጴዛ አድርጊ፣ ባጁን በስም የመጀመሪያ ፊደል ከፋፍዪው፤ ስሙ ያልተገኘ ወይም ሳይመዘገብ የመጣ ሰው ሰልፉን እንዳያቆም አምስተኛ ጠረጴዛ ለብቻው ይኑረው፤ እዚያ ባዶ ባጅና ወፍራም ማርከር ይቀመጥ።