ለባለሱቁ ስንት ይተርፈዋል?

ሰሞኑን አንዲት የሰፈራችን ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። የሴት ልብስ የምታሳይበት የቴሌግራም ቻናል አላት። ለባለሱቆች የላከችውን መልእክት አሳየችኝ። «ከእርስዎ ጋር በትብብር መሥራት እንፈልጋለን፤ ሁለታችንም ተጠቃሚ እንሆናለን» ይላል።

«ያነቡታል፣ አይመልሱም። ምን ጎደለው?» አለችኝ።

እኔ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ጨርቅ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚቀርብልኝ እንጂ የማቀርብ አልነበርኩም። ስለዚህ ምን እንደጎደለው ወዲያው ገባኝ። አንድ የቆየ ቁጭትም ተቀሰቀሰብኝ።

ፌስቡክ ድሬ ላይ ገና ሲሟሟቅ ነው። ካሜራ ያነገተ ቀጭን ልጅ ሱቄ መጣ። ረፋድ ላይ፣ ገበያው ሲጦፍ። ከጅግጅጋ የመጡ ሴቶች የድሪያ ጨርቅ አስዘርግተው ዋጋ ሲከራከሩኝ እሱ በትከሻቸው በላይ ያወራኛል። «ፎቶ አንስቼ ገጼ ላይ እለጥፍልሃለሁ፤ ከተሸጠው አስር በመቶ ትሰጠኛለህ» አለ። «ነገ ና» አልኩት።

እኛ ነጋዴዎች «ነገ ና» ስንል ብዙ ጊዜ «አትምጣ» ማለታችን ነው። እሱ ግን በነጋታው መጣ። እኔ ደግሞ ሌሊቱን አስቤበት ነበር። ሂሳቡን በዛሬ ዋጋ ልንገራችሁ። አንድ ድሪያ በ1,700 ብር ገዝቼ በ2,000 እሸጣለሁ እንበል። የሚተርፈኝ 300 ብር ነው። ልጁ አስር በመቶ ያለው ከሽያጩ ነው፤ 200 ብር መሆኑ ነው። ለእኔ 100 ቀረ። ፎቶውን አይታ የመጣችው ደንበኛ ደግሞ ሳትከራከር አትገዛም፤ ድሬ ነው ያለነው። 100 ብር ካስቀነሰችኝ የሚቀረኝ አስር ብር ብቻ ነው። ኪራዩና የሠራተኛው ደሞዝ ገና አልተነካም። ለልጁ አስር በመቶ ትንሽ ነበር። ለእኔ ከትርፌ ሁለት ሦስተኛው ነው።

«አያዋጣኝም» ብቻ አልኩት። ለምን እንደማያዋጣኝ አላብራራሁም፤ እሱም አልጠየቀም። ቅር ሳይለው «አንዱን ብቻ በነፃ ላንሳልህ» አለና ከመደርደሪያው ጫፍ አንድ አረንጓዴ ጨርቅ መረጠ። ያ ጨርቅ ወራት የተቀመጠ ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ወደ በሩ ወስዶ ብርሃኑ ላይ ዘረጋው። እጥፉን በጣቱ እየነካካ አስተካከለ። ጫፉን እኔ እንድይዝለት አደረገ። ስንት ዓመት ጨርቅ ስሸጥ ያ አረንጓዴ እንደዚያ እንደሚያበራ አላውቅም ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ሴቶች ስልካቸውን ወደ ላይ ይዘው መምጣት ጀመሩ። «ይሄ አለህ?» የነበረኝ በጣት የሚቆጠር ነው፣ ወዲያው አለቀ። ከዚያ በኋላ የመጡት ተናደው ተመለሱ። «ውሸታም» ያለችኝም አለች። ልጁን ላስጠራው ስል ጅቡቲ ሄዷል አሉኝ። እንግዲህ ያ ልጅ የሚበጀኝን ነገር ይዞ ነበር የመጣው። የተበላሸው አስር በመቶው ላይ ነው።

ድሮ በባቡሩ ዘመን ጣቢያው አካባቢ ያሉ ተሸካሚዎች ይህን ጥበብ ያውቁ ነበር። እንግዳውን ከነሻንጣው አምጥተው ሱቅ ደጃፍ ያቆሙታል። ማታ መጥተው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። በመቶ ብለው አያስሉም። ገበያ ከሌለ ሻይ ይጠጡና ይሄዳሉ። ባለሱቁ የቱ ዕቃ እንደቆመበት ግን ከእሱ እኩል ያውቁ ነበር።

ለልጅቷ የነገርኳት ይህንኑ ነው። የሚሸጥለትን ዕቃ አትጠይቂው፤ የቆመበትን ጠይቂው። አስራ ሁለት ድሪያ መደርደሪያ ላይ ቆሞብኛል እንበል። በ1,700 ሂሳብ 20,400 ብር ታስሯል ማለት ነው። ኢድ ሲቃረብ ወይም የሰርግ ወቅት ሲመጣ አዲስ ዕቃ የምጭንበት ገንዘብ እሱ ነው። በቻናልሽ 1,900 ብለሽ ብታወጪውና በእያንዳንዱ 60 ብር ብሰጥሽ፣ ለእኔ 140 ይተርፈኛል፤ የታሰረውም ገንዘብ ይፈታል። ለአንቺ ሁሉም ቢሸጥ 720 ብር ነው። ትንሽ ነው፤ አልዋሽሽም። ግን ለሚቀጥለው ባለሱቅ የምታሳዪው ነገር አገኘሽ። ለተከታዮችሽም ሌላ ቦታ የሌለ ዋጋ ሰጠሽ። «ሁለታችንም ተጠቃሚ እንሆናለን» የሚለው እንዲህ በብር ሲጻፍ ነው የሚታመነው።

መልእክቷን አብረን እንዲህ ቀየርነው፦

«ሰላም። የሴት ልብስ የማሳይበት የቴሌግራም ቻናል አለኝ። አልሸጥ ያለህን አንድ ዓይነት ጨርቅ በራሴ ወጪ ፎቶ አንስቼ ለሁለት ሳምንት ላውጣልህ። ዋጋውንና ብዛቱን አንተ ትነግረኛለህ። ፎቶውን አሳይቶ ለገዛ ሰው ብቻ 60 ብር ትሰጠኛለህ፤ ካልተሸጠ ምንም አልፈልግም። ሐሙስ አስር ሰዓት ላይ ሱቅህ መጥቼ ላሳይህ?»

አንቱታ አልጨመርንበትም። እዚህ አገር አንቱ ስትባል የመንግሥት ደብዳቤ የመጣብህ ይመስልሃል። ሰዓቱ ግን ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ረፋድ ላይ ገበያ ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሱቁን ያዘጋል። አስር ሰዓት ግድም ተከፍቶ የማታው ገበያተኛ እስኪመጣ ባለሱቁ ጆሮ አለው።

የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር በስልክ መጨረስ ትወዳላችሁ። በአካል ሂዱ እላለሁ። እርግጥ እኔም ዛሬ ቀድሞ ያልደወለልኝ ሰው በሬ ላይ ሲቆም ደስ አይለኝም። ስለዚህ መልእክቱ ይቅደም፣ እግር ይከተል።

ሁለት ነገር አስጨመርኳት። ፎቶው ሥር «የቀረው ይህን ያህል ነው» ተብሎ ይጻፍ፤ ሲያልቅ ደግሞ በዚያው ቀን «አልቋል» ይባል። ውሸታም መባል ለባለሱቁ ብቻ ሳይሆን ለቻናሉም ይተርፋል። ሁለተኛው ቆጠራው ነው። በባለሱቁ ደብተር ላይ አንድ ገጽ ይለይላት፤ ፎቶ አሳይታ የገዛች ሁሉ እዚያው ምልክት ይደረግባት። ደንበኛዋ ስልኳን ማሳየቷን እንዳትረሳ 1,900 የሚሸጠው ለምታሳይ ብቻ ይሁን፤ ለሌላው ዋጋው 2,000 እንደሆነ ይቆይ።

ሱቅ ሳይሆን ትልቅ ገጽ ዕቃችሁን እንዲያወጣላችሁ የምትጠይቁም አላችሁ። እዚያ ተራው የእናንተ ነው፤ ሂሳቡ ይገለበጣል። በአባላት ብዛት አትታለሉ። ቴሌግራም ላይ በእያንዳንዱ ልጥፍ ሥር ከዓይኗ ምልክት ጎን ስንት ጊዜ እንደታየ ይጻፋል። ሁለት ቀን ያለፋቸውን ጥቂት ልጥፎች እዩ። ሃያ ሺህ አባል ያለው ቻናል ልጥፉ ስድስት መቶ ጊዜ ብቻ ከታየ፣ የምትነጋገሩት በስድስት መቶው ነው። ለባለገጹ ደግሞ ገንዘብ ብቻ አታቅርቡ። ተከታዮቹ ማስታወቂያ ሲበዛባቸው ይወጡበታል። ለእነሱ ብቻ የሚሆን ዋጋ ወይም ሌላ ጋ ያልወጣ ፎቶ ብትሰጡት ይመርጣል።

ልጅቷ ሐሙስ ሄዳ ባለሱቁ «ነገ ነይ» የሚል ከሆነ አልተስማማም ብላ አትለፈው። «የቱ ላይ ነው የማያዋጣህ? 60 ብሩ ነው ወይስ ዋጋው?» ብላ ትጠይቀው። 60ውን 40 በይ ካላት ለመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ትቀበለው። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ምንም ባይሸጥ እንኳ ሄዳ ልጥፉ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ሰው ዋጋ እንደጠየቀ ታሳየው። ብዙ ሰው ጠይቆ ማንም ካልገዛ ዋጋው ነው። ጠያቂም ከሌለ ፎቶው ወይም ጨርቁ ነው፣ ሌላ ይሞክሩ።