የማስረከቢያ ቀን ሲጠየቅ፦ ለወጣት የሶፍትዌር ባለሙያዎች

በጎንደር በሶፍትዌር ሥራ ለተሰማራችሁ ወጣቶች ይህን የምጽፈው፣ ደንበኛ «መቼ ታስረክቡናላችሁ?» ባለ ጊዜ አንድ ቀን ቆርጣችሁ ከመናገራችሁ በፊት ያለፉትን ሳምንታት መዝገባችሁን እንድትገልጡ ስለምሻ ነው።

የሆቴል ክፍል ማስያዣ ሥርዓት የሚሠራ አንድ ቡድን 30 ሥራዎች ቀርተውታል እንበል። ከታኅሣሥ መጀመሪያ ወዲህ ባሉት 10 ሳምንታት ተፈትሸው ያለቁለት ሥራዎች በየሳምንቱ 3፣ 5፣ 6፣ 4፣ 2፣ 0፣ 5፣ 3፣ 4 እና 2 ናቸው። ዜሮ የተመዘገበበት የጥምቀት ሳምንት ነው፤ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ፣ የቡድኑም አባላት ታቦት ሊሸኙ ወጥተው፣ አንድም ሥራ አላለቀም። አማካዩ 3.4 ስለሆነ ብዙዎች 30ን ለ3.4 አካፍለው «በ9 ሳምንት» ይላሉ።

እኔ የምመክራችሁ ግን አሥሩን ቁጥሮች በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ እንደ ዕጣ እንድታወጡ ነው። የወጣውን መዝግባችሁ ወረቀቱን መልሱት፤ ድምሩ 30 እስኪሞላ ስንት ጊዜ እንዳወጣችሁ ቁጠሩ፤ ያ ቁጥር የአንድ ሙከራ የሳምንታት ብዛት ነው። በእጅ መደጋገሙ አድካሚ ስለሆነ ቁጥሮቹን በኤክሴል ከA1 እስከ A10 አስፍራችሁ አንዱን ዕጣ በዚህ ቀመር ማውጣት ትችላላችሁ፦

```
=INDEX($A$1:$A$10,RANDBETWEEN(1,10))
```

ሙከራው አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ሲደገም፣ ሥራው በ9 ሳምንት ውስጥ የሚያልቀው ከአሥር ሙከራ በስድስቱ ገደማ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ በ10 ሳምንት ወደ ስምንት፣ በ11 ሳምንት ወደ ዘጠኝ ከፍ ይላል። ስለዚህ ለደንበኛው የሚነገረው «ከ9 እስከ 11 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደርሳል ብለን እንገምታለን፤ የምርቃት ጥሪ የምታስተላልፉ ከሆነ ግን በ11ኛው ሳምንት ተማመኑ» የሚል ነው።

ዜሮዋን «በዓል ስለነበር አትቆጠርም» ብሎ ማውጣት የሚያጓጓ ነገር ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት። ያለ እርሷ አማካዩ 3.8 ገደማ ይሆንና ቡድኑ 8 ሳምንት ብሎ ቃል ይገባል፤ ሙሉው መዝገብ ግን በ8 ሳምንት የመጨረስ ዕድሉ ከአሥር ሦስት ያህል እንደሆነ ያሳያል። ከየካቲት በኋላ ደግሞ ፋሲካ አለ፤ መብራት የሚጠፋበትና ሰው የሚታመምበት ቀንም አይቀርም።

ይህ ስሌት የሚያውቀው ያለፈውን ፍጥነት ብቻ ነው። ከቡድኑ አንድ ሰው ከለቀቀ የቀድሞው መዝገብ አይወክለውም። የቀረው ሥራም 30 ሆኖ አይቆይም፤ አንዱ ሥራ ሲጀመር ለሁለት ይከፈላል፣ ስህተትም ሲገኝ አዲስ ሥራ ይጨመራል። በመሆኑም በየሳምንቱ መጨረሻ ያለቀውንም የተጨመረውንም መዝግባችሁ ዕጣውን እንደገና አውጡ፤ የቀናት ክልሉ ወደ ኋላ ከተገፋም ለደንበኛው በዚያው ሳምንት ንገሩት፤ የምርቃቱን ቀን ለማዛወር ጊዜ የሚኖረው ያኔ ነውና።