ከ10 ትሬድ 4ቱን አሸንፎ ማትረፍ

«ጎንደር ሆኜ ማታ ማታ ብሬክአውት እገባለሁ። ስቶፔ 10 ፒፕ፣ ታርጌቴ 20 ነው፤ ከ10ሩ የማሸንፈው 4ቱን ብቻ ነው። ልተወው?»

ወንድሜ፣ ገና አትተወው። 4ቱ 80 ፒፕ ያስገባሉ፣ 6ቱ 60 ይወስዳሉ። የተረፈው 20 ለ10 ትሬድ ሲካፈል በአማካይ 2 ፒፕ ነው፤ ኤክስፔክታንሲህ ይኸው ነው።

ግን ስፕሬዱን ቀንሰሃል? በየትሬዱ 2 ፒፕ ከሄደብህ ትርፍህ 18፣ ኪሳራህ 12 ይሆናል፦ 72 ለ72፣ ባዶ እጅ። በእኛ ሰዓት እኩለ ሌሊት አካባቢ የኒውዮርክ ገበያ ሲዘጋ ደግሞ ስፕሬዱ ይብስበታል።

ታርጌቱን ወደ 30 መግፋት ያጓጓል፤ ነገር ግን 20 ነክቶ ወደ ስቶፑ የሚመለሰው ሁሉ ኪሳራ ይሆንብሃል። 30 የደረሱት 3ቱ ብቻ ከሆኑ፣ ስፕሬዱ ተቀንሶ 84 ለ84፣ ያው ባዶ ነው። ቢያንስ 100 የቆዩ ሴትአፖችን ቻርት ላይ መልሰህ ቁጠርና ስንቶቹ 30 እንደደረሱ እይ፤ 10 ትሬድ ምንም አያሳይም።